«ተቀብለናል» ብለን ሳንቀበል ስንቀር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከጓደኛዬ ጋር በአማርኛ የጻፍነው ፔፐር ላይ ሁለት ገምጋሚዎች ኮሜንት ሰጡበትና አንድ በአንድ መልስ ጻፍን። ባልተስማማንበት ቦታ "አስተያየቱን በአክብሮት ተቀብለናል፣ ነገር ግን..." ነው ያልነው። ኤዲተሩ "ከተቀበላችሁት ለምን አልተስተካከለም?" ብለው መለሱልን። ትህትናው ሳይጎድል እምቢ የሚባለው እንዴት ነው? መልሳችንን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤዲተሩ እውነታቸውን ነው። ነገሩ ያለው «ተቀበለ» የምትለዋ ግስ ላይ ነው፣ እኛ ደብዳቤም እንቀበላለን ሀሳብም እንቀበላለን፣ የመጀመሪያው እጄ ገባ ነው ሁለተኛው ተስማማሁ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ ድምፁና ፊቱ ይለየዋል፣ እንዲህ አይነት ደብዳቤ ላይ ግን «አስተያየቱን ተቀብለናል» ያየ ኤዲተር ተስማምተዋል ብሎ ነው የሚያነበው፣ ከዛ ፔፐሩን ገልጦ ለውጡን ሲፈልግ ያጣዋል። ስለዚህ «ተቀብለናል»ን በትክክል ላስተካከላችሁት ብቻ አቆዩት። ላልተስማማችሁበት «አስተያየቱን በጥንቃቄ አይተነዋል» ወይም «ተወያይተንበታል» ማለት ይበቃል፣ አክብሮቱም አለ ውሸቱም የለም።

ካያያዝከው ውስጥ የገምጋሚ 2ን ሦስተኛ አስተያየት ልውሰድ። «ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ተደበላልቀዋል፣ በጽሑፉ ሁሉ ወጥ ይሁኑ» ነው ያሉት። እናንተ ሙሉ በሙሉ እምቢ አላችሁ፣ ግን ቀስ ብለህ ካየኸው አስተያየቱ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው። አንዱ በራሳችሁ ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ «ሠራተኛ» ሌላው ላይ «ሰራተኛ» ማለታችሁ ነው፣ እዚህ ላይ ገምጋሚው ልክ ናቸው። ሌላው ከምታጠኑት የእጅ ጽሑፍ ቃል በቃል የጠቀሳችሁት ነው፣ እሱ አይነካም፣ ጥናታችሁ ራሱ ስለፊደል አጠቃቀም አይደል እንዴ! እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በራሳችን ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የነበረውን መደበላለቅ ተቀብለን አስተካክለናል፣ ገጽ 4 መስመር 11 እና ገጽ 9 መስመር 2 ይመልከቱ። ከእጅ ጽሑፉ በቀጥታ የጠቀስናቸውን ግን እንዳሉ አቆይተናቸዋል። ጥናቱ የሚጠይቀው ጸሐፊው ፊደላቱን እንዴት እንደተጠቀመባቸው ስለሆነ ወጥ ብናደርጋቸው ማስረጃው ይጠፋል። አንባቢ እንዳይደናገር ይህን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ገጽ 3 መስመር 6 ላይ ጨምረናል።»

እምቢታው «አቆይተናቸዋል» ውስጥ ነው ያለው። «አንቀበልም» ብትል ሰውየውን የመለስከው ይመስላል፣ «ትተናቸዋል» ብትል ደግሞ ችላ ያልከው፣ «አቆይተናል» ግን አስበህበት ያደረግከውን ነገር ይናገራል፣ ምክንያቱም ወዲያው ይከተለዋል። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ብታጠናክረው የበለጠ ጥሩ ነው፣ ለምሳሌ በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሳለ ነው፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ ነው፣ ፊደሉን አንድ ካደረግከው አንባቢው የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ቅድም እኔም «ገምጋሚው» አልኩ አይደል፣ ወሬ ላይ ያመልጣል፣ ደብዳቤው ላይ ግን ባይገባ ጥሩ ነው። ማንነታቸው ተሰውሮ ነው የገመገሙት፣ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ወንድ ታደርጋቸዋለች፣ ሴት ቢሆኑስ? «ገምጋሚ 2 እንዳሉት»፣ «እንደጠቆሙት» በል። በአማርኛ የአክብሮቱ አነጋገር ወንድና ሴት አይለይም፣ እዚህ ቦታ ላይ በጣም ነው የሚጠቅመን።

ለገምጋሚ 1 «ነጥቡ አልገባቸውም» ያላችሁትን ግን እባክህ አውጣው። በትክክል ባይገባቸውም እንኳን አንድ የሙያው ሰው አንብቦ ካልገባው ሌላውም ላይገባው ይችላል፣ ስለዚህ «ነጥቡን ግልጽ አድርገን አልጻፍነውም ነበር፣ ገጽ 7 ላይ እንደ አዲስ ጽፈነዋል» በሉና በእርግጥም እንደ አዲስ ጻፉት።

«ይስተካከላል»፣ «እናየዋለን» የሚሉትም ይቀየሩ። በኛ ሀገር «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ ኤዲተሩም ያውቃሉ። ሁሉም «አስተካክለናል» ይሁን፣ ገጽና መስመሩ ደግሞ ከአዲሱ ፋይል የተወሰደ ይሁን፣ ስትጨምሩና ስትቀንሱ ቁጥሩ ይንሸራተታልና ከድሮው ከገለበጣችሁ ኤዲተሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት።

መልሳችሁን ከመላካችሁ በፊት «ተቀብለናል» የሚለውን ቃል ፋይሉ ላይ ፈልጉትና በየቦታው ለውጡ ፔፐሩ ውስጥ መኖሩን እዩ፣ ለውጡ ከሌለ ወይ ጽሑፉን አስተካክሉ ወይ ግሱን ቀይሩ።