ጌሙ ሲዘገይ ለሚጠብቁት ምን ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ደሴ ሆኜ የምሠራው ጌም ባልኩት ቀን አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ሴቭ የተደረገው ይበላሻል። ለሚጠብቁኝ ጥቂት ሰዎች ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መዘግየቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርገው። «በቴክኒክ ምክንያት» አትበል፤ ከጅምሩ አብረውህ ሲሞክሩ የቆዩ ሰዎች የደበቅካቸው ነው የሚመስላቸው። እንዲህ በል፦

«ጌሙ ሚያዝያ 30 አይወጣም። ሴቭ እያደረገ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ባዶ ይቀራል፤ የደረሳችሁበት ሁሉ ይጠፋል። አሁን መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ ጽፎ፣ ሲጨርስ ብቻ አሮጌውን እንዲተካ እያደረግኩት ነው። የሙከራውን ውጤት ግንቦት 15 እነግራችኋለሁ።»

ልብ በል፣ ግንቦት 15 የወሬ ቀን እንጂ የመውጫ ቀን አይደለም። ጥገናው ሳይፈተን አዲስ የመውጫ ቀን ሰጥተህ ደግመህ ከዘገየህ ግን ማን ያምንሃል?

ለመፈተን፣ ሴቭ እያደረገ ሳለ የዴስክቶፑን ገመድ ደጋግመህ ንቀል (ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አያሳይህም)። ስትከፍተው አሮጌው ወይም አዲሱ ሴቭ ሙሉውን ከተገኘ ተስተካክሏል። አሁንም ባዶ ፋይል ካየህ፣ ከመተካቱ በፊት `fsync` አልተጠራ ይሆናል፤ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ስሙ ብቻ ተቀይሯል ማለት ነው። ውጭ አገር ያሉ ተከታዮች ካሉህ፣ መልእክቱ ላይ ከ«ግንቦት 15» ጎን «ሜይ 23» የሚለውንም ጨምርበት።