ሙሴ ያያት ዕፅና የሐሙስ ውዳሴ ማርያም

ጥያቄ፦ የኔታ፣ ልጄ እዚሁ ጎንደር ከቄስ ትምህርት ቤት ውዳሴ ማርያም ይማራል። የሐሙሱ ሙሴ ያያትን ዕፅ እመቤታችን ናት ይላል። ኦሪቱን ባነበው ግን ስሟን አላገኘሁም። ደራሲው ከራሱ ጨምሮ ነውን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስሟ በዚያ ምዕራፍ አለመጻፉ እውነት ነው፤ ደራሲውም ተጽፏል አላለም፤ ዕፂቱ ድንግልን ትመስላለች አለ እንጂ። ቅኔ ቤት እንደምንለው ዕፂቱ ሰም፣ ድንግል ወርቅ ናት።

በዘፀአት ምዕራፍ 3 ሙሴን ያስደነቀው እሳቱ ብቻ አልነበረም፤ በበረሃ ቁጥቋጦ ቢነድ ብርቅ አይደለምና። መንገዱን ትቶ የቀረበው «ስለ ምን አይቃጠልም?» ብሎ ነው። ደራሲውም ከታሪኩ ሁሉ መርጦ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ቅርንጫፎቿ እንዳልተቃጠሉ ከተናገረ በኋላ፣ የአብ ቃል ከድንግል ሰው ሲሆን የመለኮቱ እሳት እንዳላቃጠላት፣ ከወለደችውም በኋላ ድንግልናዋ እንደ ተገኘ ያስከትላል። ዘዳግም 4፥24 እግዚአብሔርን የሚበላ እሳት ይለዋል፤ ታዲያ ሥጋ ለባሽ ማኅፀን እንዴት ቻለው? ደራሲው ለዚህ ጥያቄ በመከራከር ፈንታ ዕፂቱን ያሳየናል፤ እሳቱ እሳትነቱን ሳይተው፣ ዕፂቱም ዕፅነቷን ሳታጣ አብረው የታዩበት ቦታ አለና።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን ደራሲው ሳይጠቅሰው ከምሳሌው ጋር ተከትሎ የሚመጣው ቃል ነው። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 7 እና 8 እግዚአብሔር ከዕፂቱ መካከል ሆኖ የሕዝቡን መከራ እንዳየ፣ ጩኸታቸውንም እንደ ሰማ ከተናገረ በኋላ «ላድናቸው ወረድሁ» ይላል። ኦሪቱን የሚያውቅ ሰው የሐሙሱን ሲያደርስ ይህ «ወረድሁ» በጆሮው ይደውልለታል፤ ስለዚህ ምስጋናው ስለ እመቤታችን ንጽሕና ብቻ መሆኑ ይቀርና፣ ሊያድነን ስለ ወረደው ልጇም ይሆናል። ኦሪቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ ተአምሩን ያደንቃል፤ የመውረዱን ምክንያት ግን አይሰማም።

ምሳሌ ልክ እንዳለውም አስተውዪ። አንዳንድ ሰው ቁጥቋጦው እሾህ ካለው እሾሁስ የምን ምሳሌ ነው እያለ ይፈትላል፤ ደራሲው ግን ስለ እሾህ ያነሣው ነገር የለም፣ እኛም ባልጠራው ነገር ላይ ትርጓሜ ባንሰቅል መልካም ነው። ደግሞም የኦሪቱ ታሪክ በዚህ አንድ ምሳሌ አያልቅም፤ ጌታችን ራሱ በማርቆስ 12፥26 ይህንኑ የቁጥቋጦውን ክፍል ጠቅሶ ያስተማረው ስለ ትንሣኤ ሙታን ነው።

ልጅሽ የሐሙሱን ከማድረሱ በፊት ዘፀአት 3ን ከቁጥር 1 እስከ 8 በአማርኛ አንብቢለት፤ ከዚያም እግዚአብሔር የተናገረው ከየት ሆኖ እንደ ነበረ ጠይቂው።