አብስትራክቱ ጥናቱን ቀድሞት ሲሄድ፦ የአንባቢ ጥያቄዎች

ቴዚሴ በጤና ተቋም ስለ መውለድ ነው። ዳታውን የሰበሰብኩት ቤት ለቤት ዞሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አብስትራክቱ ላይ «የእናት ትምህርት በጤና ተቋም የመውለድ ዕድልን በ3 እጥፍ ይጨምራል» ብዬ ጻፍኩ። አድቫይዘሬ በቀይ ሰረዘው። ቁጥሩ ከኤስፒኤስኤስ የወጣ ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ? (የማስተርስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ቁጥሩ ደህና ነው፣ እህቴ። ጣጣ ያመጡት «እጥፍ» እና «ይጨምራል» ናቸው።

እንዲቀለን ክብ ቁጥር እንያዝ። ከተማሩ 200 እናቶች 150ዎቹ፣ ካልተማሩ 200 ደግሞ 100ዎቹ በጤና ተቋም ወለዱ እንበል። 75 በመቶ እና 50 በመቶ ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ኦድስ ሬሾ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ በተቋም የወለዱትን በቤት ለወለዱት ያካፍላል። ለተማሩት 150 ለ50፣ ማለትም 3 ነው። ላልተማሩት 100 ለ100፣ ማለትም 1። ስለዚህ ኦድስ ሬሾው 3 ይወጣል። ይህ ቁጥር ከዕድል እጥፍ ጋር የሚቀራረበው የምታጠኚው ነገር ብርቅ ሲሆን ነው፤ በተለምዶ ከ10 በመቶ በታች ይባላል። እዚህ ግን ከግማሽ በላይ እናቶች በተቋም ወልደዋል። አንዱን ተኩል ሦስት አድርገሽ ሸጥሽው ማለት ነው።

«ይጨምራል» ደግሞ ምክንያትና ውጤት ነው የሚያወራው። የተማረችው እናት ለጤና ጣቢያው ትቀርብ ይሆናል፤ ገንዘብም ይኖራት ይሆናል። ሞዴልሽ ማስተካከል የሚችለው የጠየቅሽውን ብቻ ነው፤ መጠይቁ ላይ የሌለውን ከየት ያመጣዋል? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ከ400 እናቶች 250ዎቹ (62.5 በመቶ፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፦ ከ57.8 እስከ 67.2) በጤና ተቋም ወልደዋል። ድርሻው በተማሩት 75፣ ባልተማሩት 50 በመቶ ነው (ያልተስተካከለ ኦድስ ሬሾ 3.0፤ ከ1.96 እስከ 4.58)። የእናት ትምህርት በጤና ተቋም ከመውለድ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።»

የተስተካከለው ካለሽ እሱን አስገቢ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሳትጽፊ አትለፊ። ርዕስሽ ላይ «ወሳኝ ምክንያቶች» የሚል ካለም አውጪው። አብስትራክቱን አስተካክሎ ርዕሱን መርሳት የተለመደ ነው።

250 ቃል ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ሜቶድ ላይ ሳምፕሉ 422 መሆኑን፣ በኤፒዳታ ገብቶ በኤስፒኤስኤስ መተንተኑን ጽፌ ቦታ አለቀብኝ። (ከጅማ)

ሶፍትዌሩን ጣለው። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው የጥናቱን ዓይነት፣ የትና መቼ እንደተካሄደ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ዋናው ውጤት በምን እንደተለካ ነው። ለምሳሌ «የደም ማነስ» ካልክ ስንት ሄሞግሎቢን ላይ እንደቆረጥክ ንገረን።

422ቷን አውቃታለሁ፤ 384 ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ የምትመጣው ናት፣ ስንቱ ቴዚስ ላይ አይቻታለሁ! ግን እሷ ዕቅድ ናት። የመለሱት 400 ከሆኑ ውጤቱ ላይ «ከ422ቱ 400ዎቹ (94.8 በመቶ) መለሱ» በል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መቶኛ ሁሉ ከ400 ይሰላ።

ሁለት ሕክምና ያወዳደርንበት ሙከራ ዋናው ውጤት ላይ ልዩነት አላሳየም፤ ፒ ቫልዩው 0.21 ነው። ከሌሎቹ ስምንት መለኪያዎች አንዱ ግን 0.03 ወጣ። መደምደሚያው ላይ እሱን ባስቀድም ምን አለበት? (ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ)

አለበት እንጂ፣ ዶክተር። ስምንት ጊዜ ወንጭፍ የወረወረ ሰው አንዷን ወፍ ቢመታ አነጣጣሪ አይባልም። መለኪያዎቹ ተለያይተው የቆሙ ቢሆኑ፣ ሕክምናዎቹ ምንም ሳይለያዩ እንኳ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የመውረድ ዕድሉ 34 በመቶ ገደማ ነው።

ብቻዎን አይደሉም። በ2010 ጃማ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ዋናው ውጤታቸው ልዩነት ያላሳየ 72 ሙከራዎችን መርምሮ ነበር። ከ58 በመቶ በላይ በሚሆኑት የአብስትራክቱ መደምደሚያ ውጤቱን አሳምሮ የሚያቀርብ ነበር።

መጀመሪያ ዋናውን ውጤት ከነኢንተርቫሉ ያስቀምጡ። ኢንተርቫሉ ሰፊ ከሆነ «ልዩነት የለም» ሳይሆን «ልዩነት መኖሩን ማሳየት አልተቻለም» ይበሉ። የ0.03ቱ ውጤት ከስምንቱ አንዱ መሆኑ ተነግሮ ውጤት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ መደምደሚያው ላይ አይውጣ።

ገምጋሚው «አብስትራክቱና ሠንጠረዥ 2 አይገናኙም» አለኝ። እንዴት አመለጠኝ?

አብስትራክቱን ለኮንፈረንስ ቀድመህ ጽፈህ፣ በኋላ ዳታውን ስታጸዳ ጥቂት ሰዎች ወጥተው ይሆናል። አትመህ አውጣው። እያንዳንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ አክብብና ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደመጣ ጎኑ ላይ ጻፍ። ሠንጠረዥ ያጣህለት ቁጥር ይሰረዝ።