ተረብ አፍ ሲያስይዝ፦ በኳስ፣ በዘፈንና በወጥ ስለመጀናጀን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ተረብና ጅንጀና የምትጠይቁኝ ካላችሁ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አንዳንዶቻችሁ በመሃል ገብታችሁ ሐሳብ ሰጥታችኋል፤ እሱንም አካትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የማንቼ ደጋፊ ነኝ፣ እሷ የአርሴ። ሦስት ቀን ሙሉ በሳቅ ስንፈርስ ነበር። አሁን «ኪኪኪ» ብቻ ልካ ዝም ትላለች። ምን አጠፋሁ?

ቻቱን ስለላክልኝ አመሰግናለሁ። ሁላችሁም እንድታዩት አራቱን መስመር እዚህ ልጻፈው።

አንተ፦ «የአርሴ ደጋፊ ነሽ? እግዚአብሔር ያጽናሽ።»
እሷ፦ «ሳይሸነፉ ዓመት መጨረስ ምን እንደሚመስል ስለማታውቅ አልፈርድብህም።»
አንተ፦ «8 ለ 2 ምን እንደሚመስል ግን አውቃለሁ።»
እሷ፦ «ኪኪኪ።»

የመጀመሪያው መስመርህ ቆንጆ ነው። ለቀስተኛ መስለህ ገባህ፣ እሷም ወዲያው ያዘችህ። እ.ኤ.አ. በ2003/04 አርሴናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን በላ። አንተ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2011ዱን የኦልድትራፎርድ ውጤት አወጣህ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን 8 ለ 2 ከተባለ በኋላ ምን ትበል? ያ ተረብ አፍ የሚያስይዝ ተረብ ነው። ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ከጓደኛህ ጋር ቢሆን ያስጨበጭብልሃል። እሷን ግን አፏን አስይዘህ መልሳ እንድታወራህ መጠበቅ አትችልም።

እሷ የሰጠችህን ነገር ተመልከት። «ሳይሸነፉ» አለችህ። ከ38ቱ 26ቱን አሸነፉ፣ 12ቱን አቻ ወጡ። እንግዲህ እንዲህ ብትላት፦ «26ቱን ተቀብያለሁ፤ አከብራለሁ። 12ቱን አቻ ግን ምን ብለን እንጥራው? እስቲ አንቺው ስም አውጪለት።» መጀመሪያ ትንሽ ሰጠሃት፣ ቀጥሎ ነካ አደረግካት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሥራ ሰጠሃት። ስሙን ለማውጣት መመለስ አለባት።

ከዚያ ውርርድ ይምጣ። ትንሽ ውርርድ ማለቴ ነው። «ቅዳሜ ካሸነፋችሁ ማኪያቶ እኔ፣ ከተሸነፋችሁ አንቺ።» ይህ ወሬውን እስከ ቅዳሜ ያደርሰዋል። ከቅዳሜ በኋላ ደግሞ መገናኛ ምክንያት አላችሁ፤ ማንም ማንንም «እንገናኝ ወይ?» ብሎ መለመን አያስፈልገውም። «ማኪያቶውስ?» ብትልህ ልትገናኝህ ፈልጋለች። ውርርዱን ረስታ ካለፈች አንተም እለፈው። አንዴ ታስታውሳለህ፣ ሁለተኛ አይደገምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡድኗ በተሸነፈበት ማታ ተረብ አይላክም። ለጠዋት ይደር። ማታውን «ራት በላሽ?» በቂ ነው። እውነተኛ ደጋፊ ከሆነች ይህን አትረሳልህም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ እኔ የተሻለ ዘዴ አለኝ። ሁሌም የእሷን ተቃራኒ ቡድን ደግፍ። ባትደግፍም ደጋፊ ነኝ በል። ተመሳሳይ ቡድን ወሬ ይገድላል።

ግማሹ ልክ ነህ። ባላንጣነት ለተረብ ያመቻል። ማስመሰሉ ግን አያዛልቅም። «የግራ ተመላላሻችሁ ማነው?» ብላ አንዴ ከጠየቀችህ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ነገርህም ትጠራጠራለች።

አንድ ቡድን መደገፍም ወሬ አይገድልም። በዘመን ትለያያላችሁ። አንዷ በሔንሪ ጊዜ የጀመረች ናት፣ ሌላው ትናንት የመጣ ነው። «አንተ መከራውን ሳታይ የመጣህ» እያለች ወር ሙሉ ታስቅሃለች።

ጥያቄ፦ እኔ ከእንቁላል ጥብስ ሌላ አልችልም። እሷ ወጥ ሠርታ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ «ያምራል» እላለሁ፣ እሷ «አመሰግናለሁ» ትላለች። በቃ። እንዴት ላስረዝመው?

«ያምራል» የሚለውን ቃል ለጊዜው ተወው። ፎቶውን በደንብ እየው። ዶሮ ወጥ ከሆነ ያቺ ሴት ምናልባት ግማሽ ቀን ከሽንኩርት ጋር ውላለች። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት በደረቁ፣ በዝግታ እየተማሰለ ነው የሚቁላላው። ቁሌቱ ከቸኮለ ወጡ ውኃና ሽንኩርቱ ለየብቻ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ «ሽንኩርቱ ላይ ስንት ሰዓት ቆምሽ? ስንቴስ አለቀስሽ?» በላት። የሠራችውን ሥራ አየህላት ማለት ነው። ስለ ሽንኩርት ልቅሶ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ ያለው ትንሽ ደፈር ያለ ነው። ዶሮ 12 ብልት ነው። «ከ12ቱ ለኔ የትኛው ይደርሰኝ ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ አንተ አትምረጥ። «አንገት» ካለችህ እየተረበችህ ነው፤ ደስ ይበልህ፣ ተከራከር። «ክንፍ» ካለችህ በመንገድ ላይ ነህ። ፈረሰኛውን ከሰጠችህ ግን ቀስ በል። ፈረሰኛ የአባወራ ድርሻ እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ። ያን ጊዜ «ኧረ ቆይ፣ ገና ሽማግሌ አልላክሁም» ብለህ ሳቅ። አንተ ቀድመህ «ፈረሰኛው የኔ ነው» ብትል ግን ጨዋታው ይበላሻል። ገና በሳምንቱ ትሪ ፊት የተቀመጠ ባል ትመስላለህ።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ ይሄ አልተዋጠልኝም። እኔ ሥራ ውዬ ማታ የምገባ ሴት ነኝ። «ለኔ የትኛው ይደርሰኛል» የሚለኝ ሰው፣ ከፈረሰኛም ከአንገትም በፊት፣ አብሳይ እየፈለገ ነው የሚመስለኝ።

ስሜትሽ ይገባኛል፤ ለሁሉም ሴት ይሠራል አልልም። ጠያቂው የጻፈላት ሴት በወጧ የምትኮራ፣ ፎቶ የምትለጥፍ ናት። ላንቺ ቢሆን «እሁድ ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ፣ አንቺ ማቁላላቱን አሳዪኝ» የሚል ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ያም ቢሆን «ቤትሽ ልምጣ» የሚል ድምፅ አለው። እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ሌሎቻችሁ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ፦ እና ዘይቱ መቼ ነው የሚገባው? የኔ ሽንኩርት ሁሌ ያርርብኛል።

እህቴ፣ ዛሬ የመጣነው ለጅንጀና ነበር፤ ግን ልመልስልሽ። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ መያዝ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት መያዝ ከጀመረ እሳትሽ በዝቷልና ቀንሺ፤ ጠብታ ውኃ እያደረግሽ አማስይ። ቅቤው በኋላ ይመጣል፣ መከለሻው ደግሞ ወጡ ሊወጣ ሲል። የሚያጫውትሽ ሰው ካለ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ለእሱ ላኪለት። «አረረብኝ፣ አድነኝ» የሚል መልእክት ማንም አያልፈውም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ስልክ የማገኘው ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ጋር በዘፈን ተግባብተናል። ቀን ሳልመልስ ስቀር «ጠፋሽ፣ ሌላ አገኘሽ» ይለኛል። ደክሞኛል።

ሰዓታችሁ አንድ ነው፣ ቀኑ ግን አንድ አይደለም። አንቺ ላይ ቀኑ ይረዝማል። ይህን በግልጽ ንገሪው፤ በተረብ አትሸፍኚው። «ከአራት በፊት የለሁም፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ አንዴ ጻፊለት።

ከዚያ የሚያድር ወሬ ፍጠሩ። ጠዋት እሱ አንድ ዘፈን ይላክ፣ ማታ አንቺ ፍረጂ። «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሳይሆን የትኛው ስንኝ ላይ ልብሽ እንደቆመ በድምፅ ንገሪው። በማግስቱ ተራው ያንቺ ነው። ቀን ላይ ዝም ብትይ የጨዋታው ሕግ ነውና ቅር የሚለው ነገር የለም። ይህን ሁሉ አውቆም «ሌላ አገኘሽ» ማለቱን ካልተወ፣ ይሄ ናፍቆት አይደለም፤ ቁጥጥር ነው።

ሳትቀየሚኝ አንድ ልጨምር። ወሬው ከዘፈን ወደ ብር የዞረ ቀን፣ «ትንሽ ቸግሮኝ ነው» ያለ ቀን፣ ለምታምኛት ጓደኛሽ አሳይያት። በላብሽ ያገኘሽው ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 50 አልፏል። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። የምግባባቸው ሴት አሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ የድሮ ዘፈን እንለዋወጣለን። እስካሁን «እርስዎ» ነው የምንባባለው። በዚህ እድሜ ተረብ ያምራል?

በጣም ያምራል። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ወጣት የተሻለ መሣሪያ በእጅዎ አለ። «እርስዎ» ራሱ ነው መሣሪያው። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ብሎ ስለሚጀምር ያን ደረጃ የመውረድ ደስታ አያውቀውም።

በአገራቸው ይጀምሩ። ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው። «ከአራቱ ሁለቱን አገርዎ በስሙ አስመዝግቦታል፤ ለእኛስ ምን ተረፈ?» ይበሏቸው። የወሎ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም።

ሁለት ሦስት ቀን በዚህ ከተጫወቱ በኋላ አንቺ ሆዬ የሆነ ዘፈን ይላኩና ከሥሩ እንዲህ ይጻፉ፦ «ሳዳምጠው አመሸሁ። 'እርስዎ ሆዬ' ብዬ ልዘፍነው ሞከርኩ፣ ዜማው እምቢ አለኝ።» ሌላ ምንም አይጨምሩ። ፈቃድ እየጠየቁ ነው፣ ግን አላስጨነቋቸውም። መልሱ «አንተ» ብሎ ከመጣ መጣ። «እርስዎ» ብሎ ከመጣም ክብርዎ እንዳለ ነው፤ ስለ ዘፈን ማውራታችሁን ትቀጥላላችሁ።

ያው ጠያቂ፣ በማግስቱ፦ ላክሁላቸው። ማታውን መልስ የለም። ዛሬ ጠዋት የመጣው «እንዴት ታደረ?» የሚል ነው። «እንዴት አደሩ»ም አይደለም፣ «እንዴት አደርክ»ም አይደለም። ምን ማለታቸው ነው?

«እርስዎ»ን ትተዋል፣ «አንተ» ለማለት ደግሞ አፋቸው ገና አልደፈረም። እርስዎም «በደህና ታደረ፤ እዚያስ እንዴት ታደረ?» ብለው በዚያው ቋንቋ ይመልሱላቸው። ለሁለት ለሦስት ቀን በዚህ መሃል ላይ ብትቆዩ ምንም አይደለም። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ግን መጥተው ይንገሩን።