የሜኑ ስዕል ጥያቄዎቻችሁ፦ ቀጭን ሽሮ፣ ወፍራም ዶሮ

«ደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት አለኝ። የምግቦቹን ፎቶ ለአንድ ልጅ ሰጥቼ ለሜኑ በስዕል አሠራሁ። ዶሮ ወጡ በወፍራም ማርከር፣ ሽሮው በእስክሪብቶ የተሳለ ይመስላል። ልጁ ሁሉንም በአንድ መስመር ነው የሳልኩት ይላል። ይዋሻል?»

አይዋሽም። ልጁን ከመቆጣትዎ በፊት እያንዳንዱን ምግብ በስንት ሳንቲ ሜትር ስፋት እንደሳለው ይጠይቁት። ሽሮውን በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ዶሮውን በ10 ሳንቲ ሜትር ስሎት ይሆናል። መስመሩ በሁለቱም 1 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ሜኑው ላይ ሁለቱም 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆኑ ሲያሳንሳቸው የሽሮው መስመር 0.25፣ የዶሮው 0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንዱ የሌላውን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያው እጅ፣ ያው ቁጥር፣ የተለያየ መስመር።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ስዕሎች ሜኑው ላይ የሚኖራቸውን መጠን ይያዙ። ከዚያ በኋላ መስመራቸው በአንድ ጊዜ ተመርጦ አንድ ቁጥር ይሰጠው። ለ5 ሳንቲ ሜትር ስዕል እኔ ሁለት ውፍረት ብቻ ነው የምፈቅደው፦ ለሳህኑና ለምግቡ ዙሪያ 0.5፣ ለውስጡ 0.25 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛ ውፍረት ሲገባ ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ልጁ የሚሠራው Inkscape በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ከሆነ Preferences ውስጥ Scale stroke width የሚል ምርጫ አለ። እሱ ሲበራ መስመሩ ከስዕሉ ጋር ያንሳል፤ ሲጠፋ ስዕሉ አንሶ መስመሩ ባለበት ይቀራል። የጠፋ ከሆነ የዶሮው እንቁላልና ቅልጥም ተጣብቀው አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ይፈትሹ። መስመሩ ተመርጦ ቁጥሩ ሲቀየር ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ልጁ ፎቶውን በTrace Bitmap አስገብቶ ማሽኑ እንዲስልለት አድርጓል። በተለመደው አሠራሩ ያ የሚያወጣው መስመር ሳይሆን መስመር የሚመስል የተሞላ ቅርጽ ነው፤ ውፍረት የሚባል ነገር የለውም። እሱን ማስተካከል ጊዜ መፍጀት ነው። ፎቶውን ከታች አድርጎ፣ ቆልፎ፣ ከላዩ በእጁ ይሳልበት። የአንድ ሳህን ጉዳይ ነው፣ አይሞትም።

«የእንጀራውን ዓይን በሙሉ ልሳለው?»

ኧረ ተው! ጠርዙ ላይ የተወሰኑትን ሳልና እለፍ።

«ፍኖተ ሰላም ነኝ። ለሜኑው በሙሉ ጥቂት ቀለም ብቻ ተጠቀሚ ተባልኩ። ምስር ወጥ፣ ቀይ ወጥና ዶሮ ወጥ በአንድ ቀይ ከተቀቡ ሰው በምን ይለያቸዋል?»

በቅርጽ። ዶሮ ወጥ እንቁላልና ቅልጥም አለው፣ ቀይ ወጥ ቁርጥ ሥጋ፣ ምስር ደግሞ ደቃቅ ፍሬ። በቀለም ልለያቸው ካልሽ ሦስት ቀይ ያስፈልግሻል፤ ነገ ክትፎ ሲመጣ አራተኛ።

እኔ ብሆን ሰባት እይዛለሁ፦ የበርበሬ ቀይ፣ ለጥላው ጠቆር ያለ ቀይ፣ የአልጫ ቢጫ፣ የሽሮ ብርቱካንማ፣ የጎመን አረንጓዴ፣ የእንጀራ ቡናማ፣ ለመስመር ጥቁር። አይብና እንቁላል የወረቀቱ ነጭ ይበቃቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለሙን ከየፎቶው ሲለቅም ነው። በአምፖል የተነሳ እንጀራ ቢጫ ይወጣል፣ በጥላ የተነሳው ሰማያዊ ይጎትታል። አንድ ሰው ከየፎቶው ከለቀመ ያው የጎጃም ጤፍ አምስት ዓይነት እህል ይመስላል። በመስኮት ብርሃን የተነሳ አንድ ጥሩ የበያይነቱ ፎቶ ምረጪ፤ ከእሱ አንድ ጊዜ ልቀሚና ዝጊው። ሌሎቹ ፎቶዎች ቅርጽ እንጂ ቀለም አይሰጡሽም። ስትጨርሺ ሁሉንም ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረሽ እዪው። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ግራጫ ከሆኑ አንዱን አፍኪው፤ ማታ በደብዛዛ መብራት የሚያነብ ደንበኛም ያመሰግንሻል።

«ባሕር ዳር አሳተምኩ። በዓሳው ጥቁር መስመር ዳር ቀይ ጥላ ወጣ።»

ጥቁሩ ከአራት ቀለም ተቀላቅሎ ይሆናል። ሲታተም አንዱ ቀለም በትንሹ ከቦታው ከሸሸ ጥላው ይወጣል። መስመሩን 100 በመቶ ጥቁር፣ ሌሎቹን ዜሮ አድርግ። የቀረውን ማተሚያ ቤቱን ጠይቅ።

«ከቴሌግራም ያገኘሁትን የሌላ ሆቴል ፎቶ ብስለው ስዕሉ የኔ አይሆንም?»

ይኼን በዋዛ አላልፈውም። ፎቶ ባለቤት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ሥራውን ለውጦ ሌላ ሥራ ማውጣትም የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። «እኔ እኮ ሳልኩት» ማለት ብቻውን አያድንህም። ፈቃድ ሳትይዝ ማሳተም ካሰብክ ከማሳተምህ በፊት ጠበቃ አማክር፤ ይኼን የምልህ ለወጉ አይደለም። ከሁሉ የሚቀለው ግን የራስህን ምግብ አብስለህ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጠህ በስልክህ ማንሳት ነው። ሳህኑን ሁልጊዜ ከአንድ ማዕዘን አንሳው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከጎን ከሆነ መስመርና ቀለም ቢገጥምም አብረው አይቀመጡም።