እድሩ ስብሰባውን ሲያስቀር ምን ብሎ ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለእሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተናል፣ አጀንዳው መዋጮ መጨመር ነው። አሁን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኮሌራ መገኘቱን ነገረን። ዳኛችን "ኮሌራ እነ እከሌ ቤት ገብቷል፣ ስብሰባ የለም፣ ስለ መዋጮው በቴሌግራም ድምፅ ስጡ" ብለህ ጻፍ ይሉኛል። ልጻፍ?»

መልስ፦ በዚህ መልኩ አይጻፉ። ስብሰባውን ማስቀረቱ ልክ ነው፣ አጻጻፉ ግን ጣጣ ያመጣል።

የታመመውን ቤት ስም ከጽሑፉ ያስወግዱት። የሰው ሕመም የራሱ ገመና ነው፣ ወሬው ስህተት ከሆነ ደግሞ ስም ማጥፋት ይሆናል። ጎረቤት እንዳይሸሸው የፈራ ቤተሰብም በሽተኛውን ይደብቃል። ኮሌራ ደግሞ ፈሳሽ ቶሎ ካልተተካ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 485 ሆን ብሎ የሐሰት ወሬ እያሰራጨ ሕዝብ የሚያሸብርን ይቀጣል። ጽሕፈት ቤቱ የነገራችሁን ብቻ፣ ከማን እንደሰማችሁ ጠቅሳችሁ ከጻፋችሁ ይህ አይነካችሁም።

እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (1113/2011) አይተዳደርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንባችሁን ግለጡት። ጉባኤውን የጠራው ኮሚቴው ከሆነ የሚያራዝመውም ኮሚቴው ነው እንጂ ዳኛው ብቻቸውን አይደሉም፣ ዛሬውኑ ተገናኝታችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙትና ተፈራረሙ። ከዚያ ይህን ይላኩ፦

«ውድ አባላት፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በአካባቢያችን ኮሌራ መገኘቱን ስለገለጸ የእሁዱ ጉባኤ ተራዝሟል። ባለመምጣት የሚቀጣ የለም። አዲሱን ቀን በደንባችን መሠረት እናሳውቃለን። መዋጮ በነበረው ይቀጥላል። ሐዘን ቢደርስ የእድሩ ክፍያ አይቋረጥም፣ ለጸሐፊው ደውሉ። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኮሚቴው»

«የሚቀጣ የለም» የሚለውን እንዳይዘሉት። ቅጣት የፈራ ሰው፣ በተለይ እናቶች፣ ታመውም ቢሆን ይመጣሉ። ስልክ የሌላቸው ደግሞ ብዙ ናቸውና ለፋፊው ይህንኑ ጽሑፍ ይዞ ቤት ለቤት ይዙር፣ ከራሱ ምንም አይጨምር።

የቴሌግራሙን ድምፅ ይተዉት። ደንባችሁ በስልክ ድምፅ መስጠትን ካልፈቀደ፣ «ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም» የሚል አንድ አባል ተነስቶ ጭማሪውን በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘብ መመለስ ይመጣል፣ ገንዘብ ያዣችሁ ምን እንደሚገጥማቸው ያውቁታል። የድሮው መዋጮ ሁለት ወር ቢቀጥል እድሩ አይፈርስም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይጨርሱ። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሐዘን ከደረሰ ገናዦቹ አስከሬኑን ከመንካታቸው በፊት ጤና ጽሕፈት ቤቱ ይጠራ። ድንኳን ይተከል፣ ምግብ ይቅረብ አይቅረብ የሚለውንም ነገ ጠዋት እዚያው ሄደው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።