ፎቶውን ከማስፋትህ በፊት ፍሬሙን ፍታው

ጥያቄ፦ «አባቴ ጣና ላይ በታንኳ ሆኖ የተነሳው የቆየ ፎቶ አለን። ቁመቱ ረጅም፣ ጎኑ ጠባብ ነው። ለተዝካሩ ባነር ጎኑን በኤአይ ማስፋት ፈልጌ ነበር። ባህር ዳር ላይ ማን ይሠራልኛል? ወይስ ራሴ ልሞክር?»

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ራስህ ሥራው። እኛ ለአያታችን ሙት ዓመት ተመሳሳይ ፎቶ ባነር ለሚያትም ቤት ሰጥተን የደረሰብንን ልንገርህ።

1. ስንት እንደሚጨመር ቀድመህ አስላ። የኛ ፎቶ ወርዱ 1200፣ ቁመቱ 1800 ፒክስል ነበር። ባነሩ 3 ለ 2 ነው። ቁመቱ 1800 ከሆነ ወርዱ 2700 መሆን አለበት። ስለዚህ 1500ው ፒክስል አዲስ ነው። ከባነሩ ግማሽ በላይ የሚሆነውን ምንም ካሜራ አላየውም ማለት ነው። ይህን የነገረን ሰው የለም።

2. ጠርዙ ላይ ምን እንደተቆረጠ እይ። ፕሮግራሙ ከፎቶው ውጭ ምን እንደነበረ አያውቅም። ያለውን አይቶ፣ ከዚህ በፊት ከተማረባቸው ፎቶዎች በመነሳት የሚመስለውን ይቀጥላል። ውሃና ሰማይ ብቻ ያለበት ጎን ብዙም አያስቸግርም። የተቆረጠ ነገር ካገኘ ግን ይጨርሰዋል። እኛ ጋ የተቆረጠው የታንኳው ጫፍ ነበር።

ባነሩ ሲመጣ አያቴ የተቀመጠበት በኩል ደህና ነው። የደንገሉ እስር፣ የታሰረበት ገመድ ሳይቀር ይታያል። ትንሽ አለፍ ሲል ግን ደንገሉ ጣውላ ሆነ። ታንኳው በሚስማር የተመታ ጀልባ ሆኖ አለቀ። ከኋላ ከባህር ዳር ዳርቻ ታይቶ የማያውቅ ሹል ተራራ ቆሟል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጀርባውን የሰጠ፣ መቅዘፊያ የያዘ ሰው ተቀምጧል። ሠራተኛውን ስንጠይቀው «ማን ያየዋል? አምሯል እኮ!» አለን። ድጋሚ ልሥራም፣ ገንዘብ ልመልስም አላለ። እስካሁን ያናድደኛል።

ዝግጅቱ በማግስቱ ስለነበር ባነሩ ተሰቀለ። አክስቴ ቀረብ ብላ አየችና «ይሄ እኮ ጎረቤታችን ነው፣ አብረው ነበር ዘጌ የሚሻገሩት» አለች። ሌሎቹም «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። ሲመሽ ፎቶው የሰውዬው ስም ተጽፎበት የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ኮምፒውተር የፈጠረው ሰው በስም ተጠርቶ የቤተሰባችን ታሪክ ውስጥ ገባ። ይሄ ነው የከበደኝ። ተራራውን ሰው ይጠረጥረዋል። ሰውን ግን ማስታወስ የሚፈልግ ሰው አይጠረጥርም።

ነገሩ አላስተኛኝ ሲል ዋናውን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ ፍሬሙን ፈታሁት። ባነር ቤቱ ከነመስታወቱ በስልክ ነበር ያነሳው። የፍሬሙ ካርቶን የፎቶውን ቀኝ ጎን አንድ አውራ ጣት ያህል ሸፍኖት ኖሯል። ከሥሩ እውነተኛው የታንኳ ጫፍ ወጣ። ሽቅብ የታጠፈ ነው፤ እዚያ ጋ የተጫነው ማገዶ እንጨት ነው። ሰው የለም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ፍሬሙን ፍታ። ፊልሙ ካለም ፈልገው፤ ድሮ ፎቶ ቤቶች ሲያጥቡ ዳር ዳሩን ይቆርጡ ነበር።

ከዚያ እኔ እንዲህ ሠራሁት። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ ስካን አስደረግሁ። ታንኳው ሙሉ ስለሆነ የሚሰፋው ውሃና ሰማይ ብቻ ቀረ። ፎቶሾፕ ላይ Crop ይዘህ Generative Expand ትመርጣለህ። ጎኑን ትስባለህ፣ የጽሑፍ ቦታውን ባዶ ትተህ Generate ትላለህ። ሦስት አማራጭ ያመጣልሃል። ሦስቱንም እያገላበጥህ አንድ ቦታ ላይ አተኩር። ለእኔ አንዱ ላይ ደሴት፣ አንዱ ላይ ዛፍ፣ አንዱ ላይ ባዶ ውሃ መጣ። አንድ ቦታ ሦስት ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ ግምቱን በዓይንህ የምታየው እዚህ ነው። ባዶውን ውሃ ያዝሁ። የተጨመረው ክፍል ከድሮው ፎቶ ይልቅ የለሰለሰ ስለሚሆን ትንሽ ኖይዝ ጨምርበት፣ አለዚያ መጋጠሚያው ባነር ላይ ያስታውቃል።

ብዙም አትሳብ። ባነር ላይ ስምና ቀን መጻፉ አይቀርም። እኔ ፎቶውን ወደ ቀኝ ገፍቼ ግራውን ለጽሑፍ ተውሁት፤ የሚጨመረው ውሃ በጣም አነሰ። ከታችም በትንሽ ፊደል «የግራው ጠርዝ በኮምፒውተር የተጨመረ» ብዬ ጻፍሁ። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲዞር ጽሑፉ አብሮት ይሄዳል።

አዲሱ ክፍል ብቻውን ሌየር ላይ ስለሚቀመጥ ፋይሉን በፒኤስዲ አስቀምጥ፤ የዓይኗን ምልክት ስታጠፋት ዋናው ፎቶ ይመለሳል። ለዘመድ ስትልክ ያልሰፋውን ላክ። ፍሬሙን ከፈታህ በኋላ የጠርዙን ፎቶ እዚህ ለጥፈው፣ የትኛው ጎን ቢሰፋ እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።